ሐሙስ የተመታው ጣቴ ለምን ቅዳሜ ሌሊት ቀሰቀሰኝ?

«ሰላም ዶክተር። 48 ዓመቴ ነው፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ሐሙስ ዕለት የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ከፓሌት ጋር ተላተመ። ትንሽ አመመኝ እንጂ ፈረቃዬን ጨርሼ ነው የወጣሁት። ቅዳሜ ደሴ ሰርግ ነበረብን፣ እዚያው አደርኩ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጣቴ እሳት እንደነካው ሆኖ ቀሰቀሰኝ። ቀልቷል፣ አብጧል፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ አልችልም። ወጌሻ ‹ወልቋል› ብሎ አሸኝ፣ ባሰብኝ። ራጅ ተነሥቼ ስብራት የለም አሉኝ። ዩሪክ አሲድም 5.6 ነው፣ ኖርማል ነው ተባልኩ። ባለፈው ፋሲካ ማግስትም ሳልመታ እንዲሁ ሆኜ በ10 ቀን ለቆኝ ነበር። የግፊት ኪኒን እወስዳለሁ። ይሄ ሪህ ነው ወይስ ጉዳት? ሽሮም ተው ብለውኛል።»

ወንድሜ፣ አይዞዎት። እንደኛ እንደ ወሎዎች ልበልና፣ አብሽር! የጻፉት ነገር ሪህ ይመስለኛል። እኛ ሐኪሞች ጋውት የምንለው ማለቴ ነው። በአገራችን ሪህ የማይባል የመገጣጠሚያ ሕመም ስለሌለ ስሙን ለይቼ መጥራቴ ነው። የእናቶቻችን የጉልበት ሕመም ሌላ ነው፣ የእርስዎ ጣት ሌላ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ትኩሳት አለዎት? ብርድ ብርድ ብሎ ያንቀጠቅጥዎታል? ጣቱ አካባቢ፣ በጣቶችዎ መሀል ወይም በጥፍሩ ጥግ ቁስል አለ? ቅላቱ ከጣቱ አልፎ ወደ እግርዎ እየወጣ ነው? የስኳር በሽታ እንዳለብዎት ያውቃሉ? ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ አዎ ካሉ ቀሪውን ኋላ ያንብቡት፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ። መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ኢንፌክሽንም ልክ እንደ ሪህ ያቀላል፣ ያሳብጣል፣ ያቃጥላል። ልዩነቱ ሪህ በራሱ ጊዜ ይለቃል፣ ኢንፌክሽኑ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ይበላዋል።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ከዓመታት በፊት ስኳር ያለባቸው አንድ አስተማሪ አውራ ጣታቸው ቀልቶ መጡ። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ሪህ አሟቸዋል። እኔም ጣቱን ከላይ አይቼ ያው ሪህ ነው ብዬ የሪህ መድኃኒት ሰጠኋቸው። በሦስተኛው ቀን እያንቀጠቀጣቸው ተመለሱ። ጣቶቻቸውን ከፈት አድርጌ ሳይ መሀሉ ላይ ትንሽ ስንጥቅ ቁስል ነበረች፣ መግል ይዛለች። ደግነቱ ጣታቸው ተረፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካልሲ አስወልቄ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ለያይቼ ሳላይ ሪህ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። እርስዎም ሐኪም ጋ ሲሄዱ ሁለቱንም ካልሲ አውልቀው ያሳዩ።

እንግዲህ ኢንፌክሽኑ ከሌለ ወደ ጥያቄዎ ልግባ። ጉዳትና ሪህን ለመለየት ከራጅም ከደም ምርመራም በፊት የምጠይቀው ሰዓቱን ነው። የተመታ ጣት ሕመሙ የሚጀምረው ሲመታ ነው። ያኔውኑ ያማል፣ በዚያው ቀን ያብጣል፣ ከተሰበረ ደግሞ በማግስቱ ይበልዛል፣ ወደ ሰማያዊና ጥቁር ይሄዳል። ሲረግጡበት ያማል፣ ጋደም ሲሉ ይሻላል። በየቀኑም ትንሽ ትንሽ እየቀለለ ይሄዳል። የእርስዎ ግን ሐሙስ ትንሽ አመመ፣ ዓርብ ሠሩበት፣ ቅዳሜ ደሴ ወጡበት፣ ሰርግ ቤት ዋሉበት። ከዚያ ተኝተው፣ እግርዎ ምንም ሳይሸከም፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ፈነዳ። ስብራት ሁለት ቀን ሙሉ አድብቶ አልጋ ላይ አይነሣም።

የአንሶላውን ነገርም ልብ ይበሉት። የተመታ ጣት ጫን ሲሉት ወይም ሲያጣጥፉት ያማል። ጨርቅ ቆዳውን ዳሰስ ሲያደርገው አያስጮህም። ሪህ የያዘው ሰው ግን ብርድ ልብሱን ገፎ እግሩን ከአልጋው ያወጣዋል። ክፍሉ ውስጥ የሚራመድ ሰው ንዝረት እንኳ ይሰማኛል የሚሉኝ አሉ። ሕመሙም ከተነሣ በኋላ አንድ ቀን ሳይሞላ ጫፍ ይደርሳል።

ታዲያ የሐሙሱ ምት ምንም ሥራ የለውም ማለት ነው? አይደለም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው፣ አንዳንዴም ሐኪሙ ጭምር የሚሳሳተው። ጉዳትና ሪህ ሁልጊዜ ወይ ይሄ ወይ ያ አይደሉም። ምቱ ራሱ ሪሁን ሊቀሰቅሰው ይችላል። ይህ የሚሆንበትን መንገድ ትንሽ ላብራራ።

ዩሪክ አሲድ ሰውነታችን ሴሎችን ሲያድስና ምግብ ሲፈጭ የሚተርፈው ዝቃጭ ነው። አብዛኛውን ኩላሊት ያስወጣዋል። በደም ውስጥ ከ6.8 ሚሊግራም በላይ ሲሆን (በአንድ ዴሲሊትር ማለቴ ነው) ሟሙቶ መቆየት ያቅተዋል። ማር በደሴ ብርድ እንደሚረጋው ቀስ በቀስ ይረጋል፣ እንደ መርፌ የሾሉ ደቃቅ ክሪስታሎች ይሠራል። ይህ የአንድ ሌሊት ሥራ አይደለም፣ የዓመታት ነው። ክሪስታሎቹ መገጣጠሚያው ውስጥ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አውራ ጣት ከልብ ሩቅ ስለሆነ ቀዝቃዛ ነው፣ በእያንዳንዱ እርምጃም ክብደት ይሸከማል፣ ስለዚህ ይመቻቸዋል። አንድ ቀን ጣትዎ ከፓሌት ጋር ሲላተም ከተጣበቁበት ይላቀቃሉ። የሰውነት ተከላካይ ሴሎች ያዩአቸውና እንደ ጠላት ይዘምቱባቸዋል። ቅላቱ፣ እብጠቱና ቃጠሎው የዚያ ዘመቻ ውጤት ነው።

ሌሊት የሚነሣበትም ምክንያት አለው። ተኝተን ሳለ ሰውነታችን ይቀዘቅዛል፣ በተለይ ጫፍ ጫፉ። ውሃም አንጠጣም። ቀን ላይ እግራችን ውስጥ የተጠራቀመው ፈሳሽ ጋደም ስንል ከመገጣጠሚያው ቶሎ ይወጣል፣ ዩሪክ አሲዱ ግን ቀስ ብሎ ስለሚወጣ እዚያው ይወፍራል። እብጠትን የሚገታው የሰውነታችን ሆርሞን ደግሞ ሌሊት ዝቅ ይላል። ዘመድዎ «የደሴ ብርድ መታህ» ብለውዎት ከሆነ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ብርዱ ረድቶ ይሆናል። ብርድ ብቻውን ግን ሪህ አያመጣም። ያ ቢሆን ደሴ ውስጥ በጥር ወር የሚራመድ ሰው ባልተገኘ ነበር።

ሰርጉንም አብረው ያስቡት። ምን እንደበሉና እንደጠጡ አልነገሩኝም። ቁርጥ፣ ዱለት፣ ቢራ፣ ጠላ ነበረበት ብል ብዙ አልሳሳትም። የባለፈውም የተነሣው በፋሲካ ማግስት ነው። ረጅም ጾም፣ ከዚያ በአንድ ቀን የሥጋና የመጠጥ መዓት። ለሪህ ከዚህ የተመቸ አጋጣሚ የለም።

አሁን ወደ ዩሪክ አሲዱ እንምጣ። 5.6 ስለሆነ ሪህ አይደለም የሚለው ድምዳሜ ትክክል አይደለም። ሪህ በተነሣበት ሰዓት ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ ብዙ ጊዜ ይወርዳል፣ ምክንያቱም እብጠቱ ሲበረታ ኩላሊት ከወትሮው በላይ ያስወጣዋል። ጣታቸው እሳት ሆኖ ውጤታቸው «ኖርማል» የሚወጣ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ተቃራኒውም እውነት ነው። ዩሪክ አሲዱ 8 ሆኖ ዕድሜ ልኩን ሪህ የማያውቀው ሰው ሞልቷል። ስለዚህ ያን ወረቀት ያስቀምጡትና ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ከለቀቀዎ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይለኩት። እውነተኛው ቁጥርዎ ያኔ የሚወጣው ነው።

ራጁም እንዲሁ ነው። ግልጽ ስብራት እንደሌለ ነግሮናል፣ ጥሩ ነው። ሪህ የለም ግን አላለንም። ሪህ በአጥንት ላይ ምልክት የሚተወው ከዓመታት በኋላ ነው።

የማያወላዳው ማረጋገጫ ከመገጣጠሚያው በመርፌ ፈሳሽ ቀድቶ ክሪስታሉን በልዩ ማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ይህ በየጤና ተቋሙ አይገኝም። ለዚህም ነው ሆላንድ ውስጥ ያሉ ሐኪሞች መርፌ ሳያስፈልግ የሚቆጠር የነጥብ አሠራር ያወጡት። እኔም እወደዋለሁ። በእርስዎ ላይ አብረን እንቁጠረው። ወንድ ስለሆኑ 2 ነጥብ። ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ሕመም ስለነበረዎት 2። በአንድ ቀን ውስጥ ጫፍ ስለደረሰ ግማሽ ነጥብ። መገጣጠሚያው ስለቀላ 1። ቦታው የአውራ ጣት ሥር ከሆነ 2.5። የደም ግፊት ስላለብዎት 1.5። ዩሪክ አሲድዎ ከ5.88 በላይ ቢሆን ኖሮ 3.5 እንጨምር ነበር፣ ስላልሆነ ዜሮ። ድምሩ 9.5 ነው። 8 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሪህ የመሆን ዕድሉ በጣም ከፍተኛ ነው። 4 እና ከዚያ በታች ሲሆን ሌላ ነገር እንፈልጋለን። መሀል ላይ ሲሆን ነው ፈሳሹን መቅዳት ግድ የሚለን። አንድ ነገር ግን ያረጋግጡልኝ። ሕመሙ ያለበት ጣቱ ከእግር ጋር የሚገናኝበት ትልቁ መታጠፊያ ነው ወይስ ጥፍሩ አጠገብ? ጥፍሩ ጋ ከሆነ ቁጥሩም ሐሳቤም ይለወጣል።

ስለ ወጌሻው ደግሞ በአክብሮት ልናገር። ውልቃትና ወለምታ ላይ እጃቸው የተባረከ ወጌሾች አውቃለሁ። ቀልቶ የሚያቃጥል መገጣጠሚያን ማሸት ግን እሳት ላይ ማራገብ ነው። ለእርስዎም የባሰብዎት ለዚህ ነው። ሙቅ ውሃ በጨው መንከርም አይጠቅምዎትም። በምላጭ መብጣትማ ፈጽሞ አይሞክሩት፣ ያኔ ነው ንጹሑ ሪህ ወደ ኢንፌክሽን የሚዞረው። ይልቅ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ለ20 ደቂቃ ያህል ያድርጉበት፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። በረዶ ከሌለ ከሱቅ ፍሪጅ የወጣ የውሃ ሃይላንድ ይበቃል። እግርዎን ትራስ ላይ ሰቀል ያድርጉት። አንሶላው እንዳይነካዎት ደግሞ ከግርጌ በኩል ካርቶን አቁመው ልብሱን በላዩ ያሳልፉት። ቀላል ነገር ናት፣ ግን እንቅልፍ ትሰጣለች።

መድኃኒቱን በተመለከተ ሦስት መንገድ አለ፣ ሁሉም በጊዜ ሲጀመሩ ይሠራሉ። በመጀመሪያው ቀን የተጀመረና በአራተኛው ቀን የተጀመረ አንድ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ እነ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና ኢንዶሜታሲን ናቸው። ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነና የጨጓራ ቁስለት ለሌለበት ሰው ጥሩ ናቸው። እርስዎ ግን ግፊት ስላለብዎት ክሬአቲኒን የሚባለውን የኩላሊት ምርመራ ሳያሠሩ ከፋርማሲ ገዝተው እንዳይጀምሩ። ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። የዳይክሎፌናክ መርፌ ተወግቶ በላዩ አይቡፕሮፌን የሚውጥ ሰው በየሳምንቱ አያለሁ። ሁለቱ አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ መደረብ የለባቸውም።

ሁለተኛው ኮልቺሲን ነው። 0.5 ሚሊግራም ከሆነ በመጀመሪያ ሁለት ፍሬ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ፍሬ፣ ለዚያ ቀን በቃ። ከማግስቱ ጀምሮ ሐኪሙ እንዳዘዘው አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በቀን። ድሮ ተቅማጥ እስኪያጣድፍ በየሰዓቱ ይሰጥ ነበር። ያ አሠራር ቀርቷል፣ ትንሹ መጠን ያንኑ ያህል ያሽላል፣ ጉዳቱም በጣም ያንሳል። ኩላሊት ለደከመ ሰው መጠኑ መቀነስ አለበት። ሦስተኛው ፕሬድኒሶሎን ነው፣ ብዙ ጊዜ 30 ሚሊግራም በቀን ለ5 ቀናት። ኩላሊቱ ለማይመቸው ሰው ጥሩ አማራጭ ነው። ስኳርን ግን ከፍ ያደርጋል፣ ኢንፌክሽን ካለም ያጋግለዋል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ በጥያቄ የያዝኩዎት። ከሦስቱ የትኛው እንደሚሆንዎት የሚወስነው የኩላሊትና የስኳር ውጤትዎን የያዘው ሐኪም ነው።

አሁን የግፊት ኪኒንዎን ማሸጊያ አንሥተው ስሙን ያንብቡልኝ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚል ከሆነ፣ የሚያሸናው ኪኒን ማለት ነው፣ ዩሪክ አሲድ በኩላሊት እንዳይወጣ ይይዛል። አገራችን ውስጥ በሰፊው የሚታዘዝ፣ ርካሽና ጥሩ የግፊት መድኃኒት ነው። ሪህ ላለበት ሰው ግን አይመችም። በራስዎ እንዳያቋርጡት፣ አደራ። ግፊት ሳይታከም ቀርቶ የሚመጣው ስትሮክ ከጣት ሕመም ጋር አይወዳደርም። ለሐኪምዎ «ሪህ አለብኝ፣ ሊቀየርልኝ ይችላል?» ይበሉት። አምሎዲፒን አይነካካም። ሎሳርታን እንዲያውም ዩሪክ አሲድን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል።

ሽሮዎን ይብሉ። ይህን ጮክ ብዬ ብናገረው ደስ ይለኛል። አተር፣ ባቄላ፣ ምስርና ሽምብራ ዩሪክ አሲድ የሚወልደው ንጥረ ነገር አላቸው፣ እውነት ነው። ነገር ግን ሰዎችን ለዓመታት ተከታትለው ያጠኑ ሐኪሞች ጥራጥሬ መብላት ሪህን ሲያበዛ አላገኙም። ሪህን የሚያበዛው ቀይ ሥጋ፣ በተለይ ጉበት፣ ኩላሊትና ዱለት ነው። ከመጠጥ ደግሞ ቢራ ይብሳል፣ ጠላም ከገብስ ስለሚጠመቅ ከእሱ ለይቼ አላየውም። ለስላሳ መጠጥም ስኳሩ ዩሪክ አሲድ ከፍ ያደርጋል። ሽሮ ትቶ በምትኩ ሥጋና ኮካ የጀመረ ሰው ከድጡ ወደ ማጡ ገባ ማለት ነው። ቡናዎን አልከለክልዎትም፣ ወተትም እንዲሁ። ውሃ ግን ይጠጡ፣ በተለይ ፋብሪካው ውስጥ ሲያልብዎት።

በምግብ ብቻ ግን ሪህ ይድናል ብዬ አልሸነግልዎትም። ጠንቅቆ የሚጠነቀቅ ሰው ዩሪክ አሲዱ የሚቀንሰው ብዙ ጊዜ አንድ ነጥብ ያህል ብቻ ነው። ከፋሲካ እስከ አሁን ሁለት ጊዜ ተነሥቶብዎታል። በዓመት ሁለትና ከዚያ በላይ የተነሣበት ሰው ክሪስታሉን ራሱን የሚያሟሟ መድኃኒት ይገባዋል። የተለመደው አሎፑሪኖል ነው። በ100 ሚሊግራም ይጀመራል፣ በየጥቂት ሳምንቱ ደም እየተለካ ከፍ ይላል፣ ዩሪክ አሲድ ከ6 በታች እስኪወርድ ድረስ። ከዚያ በዚያው ይቀጥላል፣ ለዓመታት።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ጣቱ ሲያም አሎፑሪኖል ይውጣሉ፣ ሲለቅ ይተዉታል። አሎፑሪኖል የሕመም ማስታገሻ አይደለም። እንዲያውም በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት ክሪስታሎቹ እየሟሙ ሲነቃነቁ ሪሁ ደጋግሞ ሊነሣ ይችላል። ሰውየው «መድኃኒቱ አባሰብኝ» ብሎ ይጥለዋል። ይህ እንዳይሆን ከ3 እስከ 6 ወር አነስተኛ ኮልቺሲን አብሮ ይሰጣል። ከጀመሩ በኋላ ሪሁ ቢነሣ አሎፑሪኖሉን አያቁሙ፣ ለሕመሙ የታዘዘልዎትን ይጨምሩበት እንጂ። የሚቆመው ሽፍታ ከወጣ ነው። ቆዳዎ ላይ ሽፍታ፣ አፍዎ ውስጥ ቁስል ወይም ትኩሳት ካዩ በዚያው ቀን አቁመው ወደ ሐኪም ይሂዱ። ይህ የሚያጋጥመው ጥቂት ሰው ነው፣ ሲያጋጥም ግን ለነፍስ ያሰጋል።

ነገ ሐኪም ጋ ሲሄዱ ራጁን፣ የ5.6ቱን ወረቀትና የግፊት ኪኒኑን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ። ክሬአቲኒንና ስኳር እንዲሠራልዎ ይጠይቁ። የፋሲካውን ሕመም መንገር እንዳይረሱ። ያኔ ሲለቅዎት የጣትዎ ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተቀርፎ፣ አሳክኮዎት ከነበረ እሱንም ይንገሩ። ተመትቶ ያበጠ ጣት እንዲህ ብዙም አይላጥም፣ ሪህ ግን ሲለቅ ብዙ ጊዜ ይልጣል። በታዘዘልዎት መድኃኒት በሁለት በሦስት ቀን ካልቀለለዎ፣ ወይም ወደታች ሳይሆን ወደ ላይ እየሄደ ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይመለሱ። ያኔ ፈሳሹ መቀዳት አለበት።